ከበር የተመለሰ ገብስ

የእርጥበት መለኪያችን ከአንድ ድስት የማይበልጥ ግራጫ ዕቃ ነበር። ገብሱ ይጨመርበታል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ትንሽ ቆይቶ ቁጥር ይወጣል። አሥራ ሦስት በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጆንያው ይራገፋል፤ ካለፈ ጋሪው ዞሮ ወደመጣበት ይሄዳል። አሰላ ዳር ባለው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የቢራ ገብስ ስንረከብ ያንን ቁጥር አንብቤ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ጥራት ተቆጣጣሪ ይሉኛል። የተመለሱትን ሰዎች ፊት አብዛኛውን አላስታውስም፤ ጀርባቸው ግን አሁንም ይታየኛል።

አንዱን ግን በፊቱም በድምፁም አስታውሰዋለሁ። ከሮቤ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ኅዳር ላይ መጀመሪያ ሲመጡ መለኪያው አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት አለ። በሁለት ሳምንታቸው ተመልሰው መጡ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ አራት አለ። ያን ጊዜ አንዲት ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሯት።

«ጎጋዳ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ደረቅ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ ደገሙልኝ። «ደርቋል ልጄ። ወላሂ ደርቋል። እንቺ አንቺም ቅመሺው።»

«አባቴ፣ እኔ በጥርስ አይደለም የምሠራው» አልኳቸው። ጨዋ ሆኜ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሳቸው ቁጥሩን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጆንያቸውን አሰሩ።

ሁለት ጊዜ የተመለሰ ገበሬ ለሚቀጥለው ዘመን ምርጥ ዘር ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ይወጣል። ገበሬዎቹ ከማኅበሩ ጋር የፈረሙት ውል ላይ ተጽፏል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስማቸውን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ብሏልና እጄ አልከበደኝም።

የካቲት ላይ ኦዲተር መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻይ እንኳ በግድ የሚጠጣ ሰው ነበር። መለኪያውን ገልብጦ በትክክል መለካቱ መቼ ዳግም እንደሚፈተሽ የሚናገረውን ስቲከር አየና «የዚህ ካሊብሬሽን ጊዜው አልፏል» አለ።

ሳቅኩበት። «የሚያልፈው ገና ግንቦት ላይ ነው» ብዬ ዓመታዊ ዕቅዴን ዘረጋሁለት። እሱ ሰርተፍኬቱን አስመጥቶ ከዕቅዱ ጎን አስቀመጠው፤ ቀኑን በጣቱ ጠቆመኝ። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ዘጠነኛ ወር የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ መስከረም። እኔ ዘጠኝን አይቼ በእኛው አቆጣጠር ዘጠነኛ ወር ላይ፣ ግንቦት ላይ አሰፈርኩት። ሁለት ካላንደር ግድግዳ ላይ ሰቅላ የምትኖር ሴት ነኝ፤ የገናን ጾም፣ የረመዳንን መግቢያ፣ የደሞዝ ቀን ሳልሳሳት የማሰላ ሴት። ርክክቡን በሙሉ ከኅዳር እስከ ጥር ጊዜው ባለፈ መለኪያ ነበር የሠራነው።

ኦዲተሩ ግኝቱን ጽፎ ሄደ። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ እንድንሰጥ፣ እስካሁን በተለካው ምርት ላይ የደረሰውን ተፅዕኖም ገምግመን እንድናሳይ ይጠይቃል። መለኪያው ላይ «አይሠራበትም» የሚል ወረቀት ለጥፌ አዲስ አበባ ላኩት። ከመላኬ በፊት ግን ለካሊብሬሽን ሠራተኞቹ ደወልኩ። ሳያስተካክሉት በፊት እንዳለ ለክተው ውጤቱን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። መጀመሪያ አስተካክለው ቢልኩልኝ ኖሮ በስንት ይሳሳት እንደነበር መቼም አላውቅም።

ውጤቱ መጣ። በአሥራ ሦስት አካባቢ መለኪያው ነጥብ ስምንት ከፍ አድርጎ ያነባል። የሚፈቀድለት ነጥብ አምስት ነው።

ግን ከመቼ ጀምሮ? ጊዜው ያለፈው መስከረም ነው ማለት መበላሸት የጀመረው መስከረም ነው ማለት አይደለም። ወደ ኋላ መሄድ ያለብኝ ትክክል መሆኑ እስከተረጋገጠበት እስከ መጨረሻው ቀን፣ ማለትም እስከ ቀደመው ካሊብሬሽን ድረስ ነበር። የተረከብነውን ገብስ ሁሉ ናሙና አሽገን እናስቀምጣለን፤ ያለፈው ዓመቱም ገና አልተጣለም። ከሁለቱም ዓመት ናሙና እያወጣሁ ፈጨሁ፣ መዘንኩ፣ በመቶ ሠላሳ ዲግሪ ሁለት ሰዓት አደረቅኩ፣ አቀዝቅዤ እንደገና መዘንኩ። የቀነሰው ክብደት እውነተኛው እርጥበት ነው። የአምናው ናሙና መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ተስማማ። የዘንድሮው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተጻፈው ያነሰ፣ ከተጻፈው የደረቀ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ፊቱ በራ። «እግዚአብሔር ይመስገን። መጋዘን ያለው ሁሉ ካልነው በላይ ደረቅ ነው ማለት አይደል? በይ፣ በምርቱ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም ብለሽ ጻፊ።»

እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ጻፍኩት። በሦስት መስመር አለቀ። «የተረከብነው ምርት በሙሉ ከገደቡ በታች መሆኑ ተረጋግጧል። ተፅዕኖ የለም።» ሳነበው ያማረ መልስ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላም አጣሁ። ገበያ ስወጣ ጋሪ የሚነዳ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን መሰለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ኮት ገብስ ገብስ ሲሸት ወንበር ቀየርኩ። እቤት ጓዳ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ሲኖር ወጥቼ በረንዳ ላይ እቆም ነበር። አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት ሲቀነስ ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት። አሥራ ሦስት ነጥብ አራት ሲቀነስ ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ይህን ቅነሳ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት እኔው አላውቅም፤ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ እንደገና እጀምራለሁ። ሽማግሌው ሁለቱንም ጊዜ ደረቅ ገብስ ነበር ያመጡት።

ምን ያህል ሰው እንደዚያ እንደመለስኩ ለማወቅ መዝገቤን አገላበጥኩ። ከዘር ዝርዝሩ ከሰረዝኳቸው በቀር አንድም የለም። መዝገብ ቁጥር የምንሰጠው ለተረከብነው ብቻ ነው። የመለስነውን ሰው ናሙና ደግሞ መልሰን ጆንያው ውስጥ እንጨምርለታለን። ገብሱን አልፈልግም ብለህ ለመለኪያ የወሰድከውን ጭብጥ ማስቀረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ለካስ በዚሁ ጨዋነታችን ነው ሰዎቹን ያለ ዱካ የሸኘናቸው።

ዱካ የተገኘው በር ላይ ነው። ዘበኛችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሳይጽፉ አያሳልፉም። ብዙ ቀልደንባቸዋል። ደብተራቸውን ስጠይቃቸው «ዛሬ ገና ጠቀመ?» ብለው አቀበሉኝ። ከአንዳንዱ ስም ፊት «ሳይራገፍ ወጣ፣ እርጥብ» ይላል። ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ነበሩ።

የገብሳቸው እርጥበት ስንት እንደተነበበ ስላልተጻፈ የትኛው በእርግጥ እርጥብ፣ የትኛው ደረቅ እንደነበር መለየት አይቻልም። መለየት ካልተቻለ ሁሉም ተጎድተዋል ብሎ መያዝ ነው ያለው። መልሱን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩ። የተረከብነው ላይ ጉዳት የለም፤ የመለስነው ላይ ግን አለ። አርባ አንዱም ይነገራቸው፤ በዚህ ምክንያት ከዘር ዝርዝር የወጡትም ይመለሱ። ከእንግዲህ የሚመለስ ገብስም በባለቤቱ ፈቃድ ናሙናው ይቀመጥ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በየሳምንቱም መለኪያው እርጥበቱ በታወቀ ናሙና ይፈተሽ። የካላንደሩን ስህተቴንም ሳልሸፋፍን አስገባሁት።

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። «ያልተጠየቅሽውን ምን አስለፈለፈሽ? ያልተረከብነው ገብስ ምርታችን አይደለም።»

«የለካነው ግን እኛ ነን» አልኩት። «ግኝቱ ስለተለካ ምርት ነው የሚለው። የመጀመሪያውን ከፈለጉ እርስዎ ይፈርሙበት፤ የእኔ ፊርማ እዚያ ላይ አይገባም።»

ፈሪ ነኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በቢሮው በር ላለማለፍ በጓሮ ስዞር ነበር። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ተፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። በምን እንደተለወጠ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ለአንድ ወር ያህል ግን ሰላምታው አጭር ነበር።

ኦዲተሩ መልሳችንን ተቀበለ፤ ግኝቱ ተዘጋ። ሚያዝያ ላይ፣ ዘር መከፋፈል ሳይጀመር፣ ለአርባ አንዱ መናገር ጀመርን። ለብዙዎቹ በስልክ ነበር። ሽማግሌውን ግን በስልክ ልናገራቸው አልደፈርኩም፤ እስከ ሮቤ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ ሄድኩ።

ብቻቸውን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቤቱ ሴት እንደሌለበት ያስታውቃል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መለኪያው እንደተሳሳተ፣ ካሊብሬሽኑን ያሳለፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ስማቸው ወደ ዝርዝሩ እንደተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ታዲያ ደርቆ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«ደርቆ ነበር አባቴ።»

 ከዚያ እያቆራረጡ ነገሩኝ። ገብሱን ፀሐይ ላይ ያሰጡት፣ ያገላበጡት፣ ደረሰ ብለው ጆንያ ውስጥ ያስገቡት ባለቤታቸው ናቸው። ሁለተኛው ጊዜ ሲመለሱ ሽማግሌው በጎረቤት ፊት ተቆጧቸው። ዕድሜ ልክሽን እህል ያዝሽ፣ ደረቅና እርጥብ መለየት አልተማርሽም አሏቸው። ሴትዮዋ በማግስቱ ሁሩታ ወንድማቸው ቤት ሄዱ፤ አልተመለሱም። አስታራቂ ሽማግሌ ቢላክም እምቢ ብለዋል።

«ዘሩን ተይው» አሉኝ። «እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንቺ ንገሪያት።»

የወንድምየውን ቁጥር ተቀብዬ በስልኬ ደወልኩ። ሴትዮዋ ቀረቡ። ለሽማግሌው የነገርኳቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገምኩ። እሳቸው ሳያቋርጡኝ አዳመጡ፤ ሽማግሌው ከጎኔ ቆመው አፌን ያዩ ነበር።

ስጨርስ ሴትዮዋ በለሆሳስ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ደርቋል ብዬው ነበር ልጄ። አርባ ዓመት ገብሴን ሲበላ ኖሮ፣ አንቺን አመነ።»