ካፖርት የለበሰው ሰውዬ

እኔ እንኳን ተሸንፌ አሸንፌም ዝም የማልል ሰው ነኝ። ክርክር ከያዝኩ ያዝኩ ነው፤ የሚያስጥለኝ የለም። እናቴ «ይቺ ልጅ ምላሷን ይዛ ነው የተወለደችው» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ፣ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ደሴ ፒያሳ አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ በቀጭን እርሳስና በብሩሽ የሰው ፊት ማሳመር ነው፤ የብጉር ጠባሳ እሸፍናለሁ፣ የተሰነጠቀ የድሮ ፎቶ እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነፅር ዓይኔ ላይ ስለሆነ ፎቶ አይቶ «ይሄ የዚህ ዓመት ነው» ማለት ለምዶብኛል። ደግሞ እኮራበት ነበር።

ለአብዮት በዓል አዳራሽ ውስጥ የድሮውንና የአዲሱን ሥርዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተባለና ፎቶ የመለየቱ ሥራ በኛ ላይ ወደቀ። ከመጣልን ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ የኮምቦልቻ ፎቶ ነበር። መንገድ ላይ እየዞረ ፎቶ የሚያነሣ ሰውዬ ሞቶ ሚስቱ የላከችው ነው። ጀርባቸው ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልተጻፈም። ጋሼ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፍለው በግራ የጃንሆይን ዘመን፣ በቀኝ ከአብዮቱ ወዲህ ያለውን መደርደር ጀመሩ። እናቴ ምሳዬን ይዛልኝ መጥታ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ጋሼ «እርስዎም ያግዙን እንጂ!» እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ የመንገድ ፎቶ አነሡና በግራ በኩል አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ እሱ የጃንሆይ አይደለም» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ልጁ የለበሰውን ሱሪ አታይም? ከታች የሰፋ ቤልቦተም ነው። የጭነት መኪናዋም ጣሊያን ጥሏት የሄደ ትሬንታ ኳትሮ ናት።»

«ሱሪውማ ሰልባጅ ይሆናል፤ የታላቅ ወንድሙም ሊሆን ይችላል። ሰው ሱሪውን ፋሽኑ አለፈ ብሎ ይጥላል እንዴ? ትሬንታ ኳትሮም ዛሬ ጠዋት በዚሁ በራችን አልፋለች። የድሮ ነገር ዘመኑ አልፎም ይቆያል፤ ምንም አይነግረንም። መፈለግ ያለብን ከሁሉ አዲሱን ነው። ገና ያልመጣ ነገር ፎቶ ውስጥ አይገባማ!»

መነፅሩን አነሣሁና እያንዳንዱን አሳየኋቸው። ከትሬንታ ኳትሮዋ ኋላ አፍንጫው ብቻ የሚታይ ኡራል የጭነት መኪና አለ፤ ራሺያ ሳይመጣ ኡራል ከየት ይመጣል? የሱቁ ሰሌዳ ላይ «የኅብረት ሱቅ» ይላል፣ እሱም ከአብዮቱ ጋር የመጣ ነው፤ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ከሥሩ የቀድሞው ነጋዴ ጽሑፍ ይታያል። በዚህ ብቻ የጃንሆይ ዘመን መባሉ ፉርሽ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱን ተሻግሮ የቆመ የብረት ቅስት አለ። ላዩ ላይ የተሰቀለው የአብዮቱ የአሥረኛ ዓመት በዓል ጨርቅ ነው፤ ግማሹን ነፋስ ቀዶት «አሥረኛ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። በዓሉ መስከረም ሰባ ሰባት ነው። ጨርቁ እስኪቀደድ ወራት አልፎታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጨርቁ ተነሥቶ ብረቱ ብቻ መቅረቱን ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ያውቃል።

«ሰባ ሰባት ነው» አልኩ። «ከታች ያለውን ሰልፍም ይዩት። እህል የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።»

ጋሼ ፎቶውን እንደ ፍም ጣሉት። «ሰባ ሰባት ከሆነማ ከዚህ ይውጣልኝ! የድርቁን ሰልፍ አዳራሽ ሰቅዬ እኔንም ሊሰቅሉኝ?»

ሳቅን። እናቴም ስቃ «እስኪ እኔም ልይ» ብላ መነፅሩን ተቀበለችኝ። ቆየች። በጣም ቆየች። ከዚያ ጣቷን ሰልፉ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ካፖርት የልጄ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ፣ ራሱን በጨርቅ የጠቀለለ ረጅም ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ በኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ ቆሞ እሱ ብቻ ካፖርት ደርቧል። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ነጭ ነው። የቀኝ ኪሱ በነጣ ያለ ጨርቅ ተጥፏል። ያ ጨርቅ ከአባቴ ሱሪ የተቆረጠ ነው፤ የጣፈችውም እናቴ ናት።

«መቼ ነው ያልሽው?» አለች።

ፎቶውን ልወስድባት እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ቀድመውኝ መለሱላት። «ሰባ ሰባት ነው፣ እመቤቴ። አሁን እኮ አስረድታን ጨረሰች።»

ታላቅ ወንድሜ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ያን ጊዜ፣ በቀይ ሽብሩ፣ ስንቷ እናት ልጇ እንደወጣ ቀረባት። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» ብላ ለቅሶም አልተቀመጠችም፣ ዱዓም አላስደረገችም። ትቶት የወጣውን ካፖርቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን እንደ ድሮው ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ደበቀችው። ከእሷ ሌላ ቦታውን የምናውቀው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን።

ካፖርቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሰባ ሰባት፣ ሆጤ ሰፈር ከቤታችን በታች ባለው አጥር ሥር ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች ተኝተው ያድሩ ነበር። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። አንድ ጠዋት እናቴ ለቅሶ ሄዳ ሳለ አንድ ረጅም ሰውዬ በራችን ላይ ቆመ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መለመን አቅቶታል። የወንድሜ ቁመት ነው። ሳላስብ ሳጥኑን ከፍቼ አለበስኩት። «አላህ ያልብስሽ» አለኝ። ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን መለስኩ። እናቴ ካፖርቱን ስታጣው ትጮሃለች፣ ያኔ እነግራታለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። አላየችውም ማለት ነው አልኩና ተውኩት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን አንድ አመል አመጣች። ማታ በር መቀርቀር ተወች። ሌባ አለ፣ ጅብ አለ ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅኳት! «መቀርቀሪያው ከባድ ነው፣ እጄን ያመኛል» ትላለች። እኔ ልቀረቅረው ስነሣ ደግሞ ትቆጣለች። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን ቀን ፎቶውን ከጋሼ ተቀብላ ከፎቶ ቤቱ ስንመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ቤት እንደገባን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ላንቺ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለች። «ወንድምሽ በዚያ በክፉው ዓመት መጥቶ ነበር። እኔ ለቅሶ ሄጄ ነው መሰለኝ። ሳጥኑን ብከፍተው ካፖርቱ የለም፣ ቁልፉ ግን ቦታው ላይ አለ። ከሱ ሌላ ማን ያውቀዋል? ወላሂ፣ ለሰው ብናገር ያሲዙታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዳግመኛ ቢመጣ በሩ እንዳይዘጋበት ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ አልቀረቀርኩም። አንቺ ደግሞ በእርጅናዬ ታላግጫለሽ!»

እኔን ለመጠርጠር ለቅጽበት እንኳ አላሰበችም። ይሄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ግን የበራው ፊቷ ከፊቴ ነበር። እንደ ፈሪ በሌላ መንገድ ላመልጥ ሞከርኩ።

«እማ፣ እንደገና ሳየው ተሳስቻለሁ» አልኳት በማግስቱ። «ጋሼ ናቸው ልክ። ሱሪው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ፎቶው ወንድሜ ከመጥፋቱ በፊት የተነሣ ነው።»

ፎቶውን ከጉያዋ አወጣች። «የድሮ ነገር ምንም አይነግረንም አላልሽም? አዲሱን ፈልጉ አላልሽም? በይ እንግዲህ፣ ቅስቱ አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ኡራሉስ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትቀባጥሪያለሽ? ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንወርዳለን።»

በገዛ ምላሴ ተያዝኩ። የተሸነፍኩበት ክርክር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ በአውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ለሱ ብላ አዲስ ሻርፕ ለብሳለች፣ በፌስታልም የሚወደውን ቆሎ ይዛለች። ቦታውን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ የቅስቱ ብረት ዝጎ እንደቆመ ነው፣ የኅብረት ሱቁም አለ። እናቴ ልክ ሰውዬው የቆመበት ላይ ሄዳ ቆመች። ፎቶውን ለሚያልፈው ሁሉ ትዘረጋለች። «ልጆቼ፣ ይሄንን ካፖርት የለበሰ ሰው ታውቃላችሁ?» ሰዉ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። አንዲት ሴት «እናቴ፣ የዚያን ጊዜ ሰው እኮ የሞተው ሞቶ የቀረው ወደ ሰፈራ ተጫነ» አለቻት። እናቴ «የኔ ልጅ ገበሬ አይደለም፣ ለሰፈራ አይጭኑትም» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እዚያው ፀሐይ ላይ ክንዷን ይዤ ነገርኳት። ቁልፉን፣ ሰውዬውን፣ ጥርሱን፣ ሁሉንም። ትመታኝ ዘንድ ፈልጌ ነበር። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ፎቶውን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። «ይበርደው ነበር?» አለች።

«ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እማ።»

«እንኳን ሰጠሽው» አለች። ቆሎውን ሱቁ በር ላይ ለተቀመጠ ዓይነ ስውር ሰጠችና ወደ አውቶቡሱ ተመለስን። መንገድ ላይ እኔ በመስኮት የማይ መስዬ ሳለቅስ አንዴ በሻርፗ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ይህንንም ባታደርገው ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብተን መግሪብ ሰገደች። ስትጨርስ «ሐሙስ ሸሆቹን ጥሪልኝ፤ ለወንድምሽ ዱዓ እናስደርጋለን» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደችና መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ገፋች። ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ ተጣብቆ እምቢ አላት። ልረዳት ብድግ ስል «ተይው» አለችኝ። ደጋግማ ገፍታ ገፍታ ቀረቀረችው። «እጄን አመመኝ» አላለችም።