ደረሰኙ ላይ ያልጻፍኩት መስመር

ነሐሴ በገባ በስምንተኛው ቀን አክስቴ የሰው ጡጫ የሚያክል አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠበቀችኝ።

የአክስቴ ቤት መርሳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። የፊት ክፍሉን ሱቅ አድርጋ ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይታዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ክፍል ኪራይ በቀር የምትተዳደርበት ገቢ የላትም። ልብስ ሰፊው ደግሞ እንደ እሷ ቆጠራ የአራት ወር አልከፈለም። ጤፉን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን በዱቤ መውሰድ ከጀመረች ቆይታለች፤ ባለሱቁም ሰላምታውን ማሳጠር ጀምሯል።

«ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ጠብቄ ከላዩ እዘጋበታለሁ» አለችኝ ቁልፉን እያሳየች።

«አይቻልም» አልኳት።

«ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉም ያንቺ ነው። ግን ክፍሉ የተከራየ ነው። ፍርድ ቤት ሳያዝ በገዛ እጅሽ ከዘጋሽበት ሁከት ፈጠረችብኝ ብሎ እሱ ይከስሻል። ያን ጊዜ የኪራዩ ነገር ይቀርና አንቺ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።»

የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ለኑሮ የሚጠቅም ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ስለዚህ ማብራሪያዬን በዚያ አላቆምኩም። ስለ ውል፣ ስለ መብትና ስለ ግዴታ ጥቂት ጨመርኩላት። አክስቴ ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝና «እንግዲያው አንቺ ጻፊለት» አለችኝ።

ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ ሆነ። ርእሱን «እጅግ ጥብቅ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» አልኩትና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። በሦስት ቀን ውስጥ የአራት ወር ኪራይ ከፍሎ ካልጨረሰ ክፍሉን እንዲለቅ አዘዝኩ። በመካከሉ ስለ ሰው ልጅ ኃላፊነት አንድ አንቀጽ አለ፤ ዛሬም ቢሆን መጥፎ አንቀጽ አይመስለኝም። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከሁሉ የወደደችው ርእሱን ነው።

እኔ ግን ሥርዓት እወዳለሁ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይሰጥም ብዬ በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እዚያው መርሳ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሞልተዋል። አክስቴ ግን «እዚህ ካሳየሽው ምሳ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል» ብላ ወልድያ ላከችኝ። ሲሪንቃ ሳንደርስ ሹፌሩ «አክስትሽ ልብስ ሰፊውን ልታስወጣው ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወልድያ የሄድኩባቸው ጸሐፊ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ የሌላ ሰው ክስና አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ሁለቱን ገጾች ሳይቸኩሉ አነበቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቀይ እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ጽሑፉ ያምራል። ውሉ የታል?»

ውሉን ከፋይሌ አወጣሁ። ፋይሌ ባለ አራት ክፍል ነው።

«አከራይ ብላ የፈረመችው አክስትሽ ራሷ ናት?»

«አዎ፣ በጣት አሻራ።»

«ዘመኑ ስንት ነው?»

«ሦስት ዓመት። ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።»

«የሚከፈለው መቼ ነው?»

«ወር በገባ እስከ አምስት ቀን።»

«መልካም። ዛሬ ዘጠኝ ነው፤ የነሐሴም ቀኑ አልፎበታል ማለት ነው።» በቀይ እስክሪብቶው «ሦስት ቀን» የሚለው ላይ መስመር አሳለፉበት። «የንግድ ቤት ነው፤ ውሉም ከዓመት በላይ ነው። እንዲህ ያለው ተከራይ የሚከፍልበት ቢያንስ አንድ ወር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ያነሰ ውሉ ላይ ቢጻፍ እንኳ አይጸናም። ይሄን ይዘሽ ብትከሺ ዳኛው ስለ ኪራዩ ሳይጠይቅ ይመልስሻል። አክስትሽ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፤ ወራቱም ይነጉዳሉ።»

ስለ ሰው ልጅ ኃላፊነት የሚለውን አንቀጽ በሙሉ ሰረዙት። ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም።

«ያልተከፈሉት ወሮች የትኞቹ ናቸው?»

«ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሐምሌና ነሐሴ።»

«ሰኔስ?»

«ሰኔን ከፍሏል። ደረሰኝ አለ» ብዬ ከሦስተኛው ክፍል አወጣሁ። አክስቴ ስለማትጽፍ ደረሰኙን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በካርቦን፣ በሁለት ቅጂ፣ ቁጥር ሰጥቼ። እንዲህ የሚያደርግ አከራይ መርሳ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መነጽራቸውን አወለቁና ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«የሰኔ ወር ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ብለው አነበቡ። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሚያዝያና ግንቦት ያን ጊዜ አልተከፈሉም ነበር?»

«አልተከፈሉም።»

«እሱን የት ጻፍሽው?»

የትም አልጻፍኩትም ነበር። እሳቸውም ለአንድ ተማሪ እንደሚያስረዱ አስረዱኝ፤ ያን ቀን ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። በየወሩ በሚከፈል ነገር ላይ፣ ያለፈው አልተከፈለም ብሎ ሳይጽፍ ለኋለኛው ወር ደረሰኝ የሰጠ ሰው የፊተኛውንም እንደተቀበለ ይገመታል። አልተቀበልኩም ብሎ ማስረዳት የሱ ሸክም ነው። ደረሰኙ ባይኖር ኖሮ እንኳ ይሻለን ነበር። በዚያ ላይ ቅጂውን ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጬዋለሁ።

«አንድ ቀላል መስመር ነበር» አሉ፤ «‹ሚያዝያና ግንቦት አልተከፈሉም› የምትል።»

በመጨረሻም ሌላ ጠየቁኝ። «በቃል የተባለ ነገር የለም? ይቆይልህ፣ ቀስ ብለህ ክፈል ያለችው?»

«የለም» አልኩ በእርግጠኝነት።

«ጠይቂያት። በባንክም አስገብቶ እንዳይሆን አረጋግጪ። ከዚያ ደውዪልኝ።»

መርሳ እንደተመለስኩ ከአክስቴ ጋር ወደ ባንክ ሄድን፤ የሒሳቧን ዝርዝር አስወጣን። ከልብስ ሰፊው የገባ ነገር የለም። እፎይ ብዬ፣ ለደንቡ ያህል፣ በቃል ጊዜ ሰጥተሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ እንደገና አስተካከለች።

«ሚያዝያ ላይ እናቱ ሞታበት የለም?» አለች።

«እና?»

«እና ለቅሶ ደረስኩ። አቅፌው፣ ‹ስለ ኪራዩ አታስብ፣ ልብህ ሲረጋጋ ይደርሳል› አልኩት።»

«ማን ሰማ?»

«ቅሬው ነዋ!»

ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሙታኑን የሚቀብርበት የሰፈራችን ማኅበር ነው። መቶ የሚጠጋ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሰምቷል ማለት ነው።

«አክስቴ፣ ይሄኮ ጊዜ መስጠት ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ነው እንጂ! ታዲያ ሬሳ ተቀምጦ ኪራዬን አምጣ ልበለው?»

ጸሐፊው በስልክ ሲሰሙኝ ሳቁ። «ማረችው ወይስ ጊዜ ሰጠችው የሚለውን ካስፈለገ ዳኛ ይለየው። ማስጠንቀቂያሽ ግን በሚያከራክር ነገር ላይ አይቁም። ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ ጠይቂ። ስለ ቀሩት ወሮች መብቷ የተጠበቀ ነው በይና እለፊው። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች እንቢ ማለቱን ጽፈው ይፈርሙበት። ቀኑን እስከ መስከረም ዐሥር አድርጊው።»

«ያ ከሠላሳ ቀን ይበልጣል» አልኳቸው፤ ጳጉሜን ቆጥሬ ነበር።

«ጳጉሜን ለሱ ተዉለት። ቀን አጠረ ብሎ እንዳይከራከር።»

ማስጠንቀቂያው ዘጠኝ መስመር ሆነ። የውሉ ቀን፣ ያልተከፈሉት ሁለት ወሮች፣ ገንዘቡ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የመጨረሻው ቀን፣ እስከዚያ ካልተከፈለ ውሉ እንደሚቋረጥ። የአክስቴ አሻራ። አክስቴ አጭር ሆነባት። «ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ሰላምታ?» አለች።

ነሐሴ ዐሥር ቀን ምስክሮቹን ይዘን ወደ ሱቁ ገባን። አንዱ የማኅበሩ መሪ፣ የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ጎረቤታችን፣ ባለ ሻይ ቤቷ። ሁለቱም ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። መርሳ ውስጥ እዚያ ድንኳን ያልነበረ ምስክር ፈልጌ አጥቻለሁ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። ከኋላው የሰማያዊ ጨርቅ ክምር ተደርድሯል፤ የዩኒፎርም ትእዛዝ መግባት ጀምሯል።

«ግቡ እትዬ፣ ግቡ። ቲቸር፣ ሚኒባሱ ነግሮኝ ስጠብቃችሁ ነበር።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። እየተንሾካሾከ አነበበ።

«በዱቤ እየበላሁ ነው ልጄ» አለች አክስቴ በድንገት። ይሄ ማስጠንቀቂያው ላይ አልነበረም።

ቀና ብሎ አያት። «እኔም ሰው ገንዘቤን ይዞብኝ ነው እትዬ። ዩኒፎርሙ ሲወሰድ በባንኩ አስገባልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ሚያዝያና ግንቦት ግን የሉም። ረሳሻቸው?»

የቅሬው ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልረሳቻቸውም» አሉ፤ «ደረሰኙ ላይ ረስታቸው ነው።»

«መጀመሪያ ደረሰኙን ሳይ ማረችኝ ብዬ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «ከዚያ እትዬ በሱቁ በር ሲያልፉ ሰላምታቸው እየቀዘቀዘ መጣ። እንዳልማሩኝ ገባኝ።»

ባለ ሻይ ቤቷ በሳቅ ፈነዳች። አክስቴም ልትቆጣ አስባ ሳቋ ቀደማት።

ልብስ ሰፊው ቀኑን ጽፎ ፈረመ። ቀጥሎ ከስፌት መኪናው መሳቢያ የሰኔውን ደረሰኝ ሌላውን ቅጂ አወጣና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቀዩን ሰጠሁት።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

ነገርኩት። እኔ ከጻፍኩት ሥር በራሱ እጅ ጻፈ፦ የሚያዝያና የግንቦት ኪራይ አልተከፈለም፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እከፍላለሁ። ፈረመበት። ያንኑ በእኔም ቅጂ ላይ ደገመልኝ፤ ምስክሮቹም ሁለቱም ላይ ፈረሙ። የተማሪዎቼን ወረቀት ሳርም በኖርኩበት ቀለም የኔ ወረቀት ታረመ።

የሐምሌና የነሐሴው መስከረም ስምንት ቀን ባንክ ገባ። የሚያዝያና የግንቦቱም በጥቅምት ተከተለ። አክስቴ የባለሱቁን ዱቤ ከፈለች፤ ሰላምታውም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ተመለሰ።

ጓጉንቸሩን ግን የሸጠላት ሰው መልሶ አልወሰደላትም። አሁን ውሉና ደረሰኞቹ ያሉበት የቆርቆሮ ሳጥን ላይ ተንጠልጥሏል። በየወሩ ደረሰኝ ልጽፍ ስሄድ አክስቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ትከፍትልኛለች፤ መጻፍ ከመጀመሬ በፊትም በግድግዳው በኩል ልብስ ሰፊውን ትጣራለች።

«ና እስቲ፣ አጠገቧ ቁምና የምትጽፈውን እይልኝ!»