ለአንድ ውሻ ጩኸት ሦስት ቀን

መዝሙር የምቀዳበት ክፍል ኮልፌ ውስጥ፣ ከአንድ የበርና መስኮት ብረት ቤት በላይ ነው። ጥበቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ዘማሪዋ እጇን ዘርግታ ልታመልክ ስትል እኔ በር ከፍቼ ወጥቼ ነው የማስተናግዳት። ግድግዳውን በስፖንጅ ከመሸፈኔ በፊት የቀዳሁት መዝሙር ሁሉ ውስጥ «ቤቴል! ቤቴል!» የሚል አንድ የታክሲ ረዳት አለ። ከማንም ዘማሪ በላይ ብዙ አልበም ላይ የተሳተፈ ሰው ነው። ድምፅ ማጽዳትንም የተማርኩት እሱን ከመዝሙር ውስጥ ሳባርር ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ፍላሽ ይዛ መጣች። ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ የአባቷን ሱቅ ነው የያዘችው። ባለፈው ክረምት አባቷን ግቢያቸው ውስጥ አስቀምጣ፣ ስለ ሕይወታቸው እየጠየቀች በስልኳ ቀድታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትሮክ መታቸው። አሁን ሰው ይለያሉ፣ ይሰማሉ፤ መናገር ግን አይችሉም።

«ጋሼ፣ መሀል ላይ አንድ ውሻ ይጮኻል። እሱን ብቻ ያጥፉልኝ።»

«ውሻ የሚያጠፋው ቀበሌ ነው፤ እኔ ጩኸቱን ብቻ ነው የምችለው» አልኳት። አልሳቀችም።

ነገሩን ስትነግረኝ እኔም ቀልዴን ዋጥኩት። አባቷና ታናሽ ወንድማቸው በአንድ ሱቅ አብረው ሲሠሩ ኖረው ተጣሉ። አጎቷ ወደ ቤቴል ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የአንዱ እግር ከሌላው ደጅ አልደረሰም። እሁድ ቤተሰቡ በሽተኛውን ሊጠይቅ ይሰበሰባል፤ አጎቷም በስንት ልመና እመጣለሁ ብለዋል። እሷ ደግሞ አባቷ በገዛ አንደበታቸው የተናገሩትን ልታሰማቸው ፈልጋለች።

አሰማችኝ። «አባባ፣ አጎቴን ይቅር ብለዋቸዋል?» ይላል የእሷ ድምፅ። ወዲያው ውሻው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ይጮኻል። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፦ «አዎ። ይቅር ብዬዋለሁ። ከልቤ።»

«አጎቴን አያውቋቸውም» አለችኝ። «‹ስሜ ሲነሳ ውሻ አስጮኻችሁብኝ› ብለው ተነስተው ነው የሚሄዱት።»

«እንዳልጮኸ ቁጠሪው፤ ሐሙስ ውሰጂው» ብዬ ሸኘኋት።

ድምፅ ኮምፒውተር ላይ በሥዕል ይታያል። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይቀመጣል፤ የጎላው ያበራል። አምቡላንስ ቢሆን ኖሮ እንደ ጥልፍ ክር ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ክሩን ተከትሎ መምዘዝ ይቻላል። ውሻ ግን እንደ ምሰሶ ነው የሚቆመው፤ ከሩብ ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ከታች እስከ ላይ የተደራረቡ ቅስቶች። በመዳፊቱ ከበብኩት፤ ፕሮግራሙን ከግራና ከቀኝ ካለው የግቢ ድምፅ ወስዶ እንዲሞላው አዘዝኩት። ምሰሶው ጠፋ። ሳዳምጠው ግን ውሻው የለም፣ የቆርቆሮው አጥር የመለሰው ማስተጋባት አለ፤ ውሻው ሞቶ መንፈሱ የቀረ ይመስል። የማስተጋባቱ ጭራ የሽማግሌው «አዎ» ድረስ ደርሷል። እዚያ ላይ መሙላት አይቻልም፤ ፕሮግራሙ የሰውየውንም ድምፅ ጠርጎ የራሱን ፈጠራ ያስገባል። ስለዚህ የድምፃቸውን መስመሮች ሳልነካ፣ በመስመሮቹ መሀል ያለውን ብቻ ደረጃ በደረጃ አደበዘዝኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ለሚስቴ ሳወራው ግን ሦስት ቀን ሆኗል።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን እጄ ሞቋል። የጎረቤት መዶሻ አወጣሁ፤ የሚኒባስ ጥሩምባ አወጣሁ፤ የወደቀ ባልዲ አወጣሁ። ግቢው ሰማይ ቤት ሆነ።

ረቡዕ ሚስቴ ምሳዬን ይዛ መጣች። «ነይ ተአምር ስሚ» ብዬ አስቀመጥኳት። ከመጀመሪያው ለቀቅኩት።

«አባባ፣ ስንት ልጅ ወለዱ?» ይላል ቀረጻው። ዝም። ዝም። «አምስት።»

«እየቆጠሩ ነው?» አለች ሚስቴ።

«እማዬን ይወዷት ነበር?» ዝም። «በጣም።»

«ኧረ ባክህ! ይሄን ያህል አስበው?» በሳቅ ፈረሰች።

የይቅርታው ጥያቄ መጣ። «አጎቴን ይቅር ብለዋቸዋል?» ዝም። ሦስት ሰከንድ ሙሉ ዝም። «አዎ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሚስቴ ሳቋን አቆመች። «አላሉትም» አለች።

«ምን አላሉትም? አዎ አሉ እኮ!»

«እኔ ወንድማቸው ብሆን አላምናቸውም። ተጨንቀው ነው ያወጡት።»

ምሳዬ በረደ። ዋናውን ፋይል ከፈትኩ፤ ደግነቱ የምሠራው ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኩት። ሽማግሌው ሌላ ድምፅ ሲሰማ አይናገሩም። መዶሻው እስኪያበቃ ይጠብቃሉ፤ ጥሩምባው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። የማንንም ንግግር አያቋርጡም፤ የባልዲም ቢሆን። ውሻው ሲጮህ ደግሞ ይደግማል ብለው ጠብቀዋል፤ አልደገመም። የጠበቁትን ሁሉ እኔ ጠርጌ፣ መጠበቃቸውን ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ጨዋነታቸው ማመንታት ሆኖ ቁጭ አለ።

ሐሙስ ልጅቷ ስትመጣ ሁለቱንም አሰማኋት። የጸዳውን ሰምታ ፊቷ ተለወጠ።

«ታዲያ ዝምታውን ይቁረጡታ። ጥያቄውና መልሱ ይገናኙ።»

«እሱማ በአንድ ጣቴ ነው። ግን ያኔ አባትሽ ሳይሆኑ እኔ ነኝ ፈጥኜ ይቅር ያልኩት።»

ፍላሹን በእጇ አገላበጠች።

«ውሻው ካለ አጎቴ ይነሳሉ» አለች በመጨረሻ። «ከሌለ አባባ ያመነቱ ይመስላሉ። የቱ ይሻለኛል?»

«ሌሎቹን ሁሉ መልሼያቸዋለሁ፤ መዶሻውንም ጥሩምባውንም። ውሻውን ደግሞ ዝቅ ላድርገው፤ ቅርብ የነበረው ሦስተኛ ቤት የሚጮኽ ይመስላል። ከመጀመሪያው የሚሰማ ሰው አባትሽ እንደሚጠብቁ ይገባዋል። ግን ከመጀመሪያው ማሰማት አለብሽ፤ ይቺን ቁራጭ ብቻ አይሆንም።»

«አንድ ሰዓት ነው እኮ! አጎቴ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ?»

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልነበረኝም። ይዛው ሄደች።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሰኞ ራሷ መጣች፤ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ «ተቀመጡ!» አለችኝ።

ቀረጻውን ከመጀመሪያው ነበር ያሰማቻቸው። አጎቷ በሩ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነበር የተቀመጡት። መዶሻው ላይ ምንም አላሉም። ጥሩምባው ላይ ቀና አሉ። ባልዲው ወድቆ ወንድማቸው ዝም ሲሉ ግን፣ «ድሮም እንዲህ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ሱቅ ውስጥ ሳል ሲይዘኝ እንኳ ስዬ እስክጨርስ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ደንበኛ ይሄድብናል እያልኩ እናደድበት ነበር።»

ጥያቄው ሲመጣ ሰው ሁሉ አጎቷን አየ። ውሻው ከሩቅ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። አጎቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንን ሦስት ሰከንድ ጠበቁ። «አዎ» የሚለው ሲሰማ ተነሱ።

«ሊሄዱ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

በሽተኛው ወዳሉበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉት። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። የሚሰማው የአጎቷ ድምፅ ብቻ ነበር። ጥቂት ይናገራሉ፤ ከዚያ፣ መልስ እንደሚሰጣቸው ሰው፣ ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።