ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን ከድርሰቱ ሁሉ አብልጦ የሚጨነቀው ለመግቢያው ነበር። ወጣት ነው፤ ኮቱ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። «አንባቢ እንግዳ ነው» ይለን ነበር። «በር ላይ ቆሞ ይግባ ወይስ ይመለስ እያለ ያመነታል። የመጀመሪያዋ መስመር ካልጎተተችው የቀረውን ለማን ልታነቡት ነው?»

መጎተቻው ሦስት ዓይነት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጻፈልን፤ ጥያቄ፣ አጭር ገጠመኝ፣ አስገራሚ እውነት። ከዚያ የእያንዳንዳችንን ሙከራ እያነሣ ያፍረጠርጠው ጀመር። አንዷ «ማንበብ ጥሩ ነው?» ብላ ጀምራ ነበር። «አዎ ጥሩ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈው። «ይኸው መለስኩልሽ፣ አለቀ። ‹አዎ› ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄ በር አይከፍትም። ‹የተላከልህን ደብዳቤ ጎረቤት ሲያነብልህ ምስጢሩ የማን ነው?› ብትይኝ ግን እቀመጣለሁ።» ሌላው አዲስ አበባ ከዓለም ከተሞች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት ብሎ ጽፎ ነበር። «ማን ነገረህ?» አለው። «አስገራሚ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እውነት መሆኑን ካላረጋገጥክ ካንተ ጋር የቀረውም ድርሰት ውሸታም ይሆናል።»

ስለ ገጠመኝ ያለው ደግሞ እንዲህ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ነገር። አጭር ይሁን። ሲያልቅ ከገጠመኙ ወደ ዋናው ሐሳብ የምታሻግር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትኑረው። «ድልድይ» ነበር የሚላት።

አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የሠፈራችን ልጅ ናት። አባቷ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሁድ እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ጸሎት ቤት ሲሄድ በእኛ በር ያልፋል። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ኮልፌ ገበያ ባዶ ጆንያ እየገዛ፣ የተቀደደውን እያሰፋ ይሸጣል። ፊደል አልቆጠረም። ሒሳቡን በቃሉ ይይዛል፣ ቁርኣኑንም በቃሉ። ግራ ጉልበቱን ስለሚያመው እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ በጋ ከክረምት የማይለየው ጥቁር ጃንጥላ ነበረው፣ እንደ ምርኩዝም እንደ ጃንጥላም የሚያገለግለው።

ጓደኛዬ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ጻፈች። መግቢያዋ ገጠመኝ ነበር። አንድ ሰውዬ ጉልበቱን ሊታከም ሐኪም ቤት ይሄዳል። በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማይችል ሰው የበዛበት ወንበር መርጦ ይቀመጣል። ሴቶቹ ለሚስቱ ተራ የያዘ መስሏቸው ዝም ይሉታል። ረፋዱን ሙሉ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ነርሷ ቀና ሳትል «ስንተኛ ወርዎ ነው?» ትለዋለች። የተሰለፈው ለነፍሰ ጡሮች ነበር።

ያ ሰውዬ አባቴ ነው። ታሪኩንም የነገራት ራሱ ነው፣ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ለማጥናት ስንቀመጥ። ሲነግራት ነርሷን ይሆናል፣ ሴቶቹን ይሆናል፣ «አይ ልጄ፣ እኔስ ገና አልለየልኝም አልኳት» ብሎ ሲጨርስ እናቴ እንኳ ሰምታው እንደማታውቅ ሆና ትስቅ ነበር።

ጓደኛዬ መጀመሪያ የጻፈችው «አንድ ሰውዬ» ብላ ብቻ ነበር። መምህሩ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። «የቱ ሰውዬ? ሽማግሌ ነው ጎረምሳ? በእጁ ምን ይዟል? አንባቢ ያላየውን ሰው አይከተልም። አሳዪኝ።»

ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር። ተዪው ብላት አባቴ ነው ማለቴ ነው፤ ከፊት ያሉት ደግሞ ይሰማሉ። በማግሥቱ ሰውዬው ጆንያ ነጋዴ ሆኖ መጣ፤ እግሩን ያነክሳል፣ ጥቁር ጃንጥላ ተደግፏል። መምህሩ ጮክ ብሎ ለክፍሉ አነበበው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ፤ ካልሳቅሁ ይነቃብኛል ብዬ። «መግቢያ ማለት ይሄ ነው» አለ መምህሩ። በወላጆች ቀን ከሌሎቹ ክፍሎች ድርሰቶች ጋር ለሽልማት የሚነበበው የእሷ እንዲሆን ተወሰነ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ቀይሪው» አልኳት።

«ስሙን እኮ አልጻፍኩም።»

«ጃንጥላውስ?»

«መምህር ናቸው አሳዪኝ ያሉኝ። ደግሞስ አባትሽ ራሳቸው እየሳቁ አይደል የነገሩኝ? እሱ ከወጣ ምን ይቀረዋል? ማንም አይሰማኝም።»

እውነቷን ነበር። የሚቀረው የማንም ሰው ድርሰት ነው። ዳግመኛ ቀይሪው አላልኳትም።

የወላጆች ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። አዳራሽ ስላልነበረን ወንበሩ የተደረደረው ደጅ፣ ባንዲራው ፊት ለፊት ነው። አባቴ ገበያውን ለጎረቤት ነጋዴ ትቶ መጣ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፣ ኮፍያውን አድርጓል፣ ጃንጥላውን ይዟል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር፣ የሚያመውን እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔ ከክፍሌ ልጆች ጋር በጎን በኩል ቆሜያለሁ። አየኝና ጃንጥላውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ጓደኛዬ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ርእሱን አነበበች። ቀና ስትል አባቴን አየችው፤ ማየቷን እኔም አየሁ። ወረቀቱን ተመለከተች፣ እንደገና አባቴን ተመለከተች።

«ማንበብ ጥሩ ነው?» አለች።

ከፊት መሬት ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ልጆች ባንድ ድምፅ «አዎ!» አሉ። ወላጆች ፈገግ አሉ። እሷ ግን ፊቷ ደም መሰለ። ገጠመኙን ዘላ ከሱ በታች ካለው ቀጠለች፤ ያ ደግሞ ድልድዩ ነበር። «ይህ ሰው ብቻውን አይደለም» አለች።

የቱ ሰው? አንድ ሽማግሌ ጎናቸው ያለውን ሰው «ማንን ነው የምትለው?» ሲሉ ሰማሁ። እሷም ሰማች መሰለኝ፣ ቆመች። የቀጣዩን መስመር መጀመሪያ ደጋግማ ብትሞክረውም ድምፅ እምቢ አላት።

መምህሩ ከጎን ሆኖ ሲያያት ቆይቷል። የረሳች መስሎታል። ሊረዳት ብሎ፣ በሹክሹክታ ነው ብሎ ባሰበው ድምፅ፣ «ሰውዬውን ዘለልሽው» አላት። «ጃንጥላ የያዘውን ሰውዬ። ጆንያ ነጋዴውን።»

የክፍሌ ልጆች ታሪኩን ያውቁታል። ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ አንዱ አባቴን አየና ጎኑ ያለውን በክርኑ ጎሰመው። ከዚያ ሁሉም አዩት፤ ጃንጥላውን፣ የተዘረጋውን እግር። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «ስንተኛ ወር…» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

አባቴ ነገሩ ወዲያው አልገባውም ነበር። ሰዎች ወደሱ ሲዞሩ መተላለፊያ የዘጋባቸው መስሎት እግሩን ሰበሰበ። «ስንተኛ ወር» የሚለው ሲደርሰው ግን ገባው። ጃንጥላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ወንበሩ ሥር አስገባው፣ በቀስታ፣ ሰው ያላየው ይመስል። ከዚያ እኔን ፈለገኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። አላየሁትም፤ ግን እያየኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቀና ማለት ነው የነበረብኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ።

ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ፣ ሰዉም አጨበጨበ፤ ጓደኛዬ ወረደች። ሽልማቱን ስለ ንብ እርባታ የጻፈ ልጅ ወሰደው።

ወደ ቤት ስንሄድ ማካፋት ጀምሮ ነበር። አባቴ ጃንጥላውን አልዘረጋም። እኔም ይዘርጉት ለማለት አልደፈርኩም።

«ያቺ ልጅ የሐኪም ቤቱን ጽፋው ነው?» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

«እኔው ነኝ የነገርኳት።»

«አዎ።»

«ገበያ ውስጥም ያላወራሁለት የለም። ይስቃሉ፣ አብሬ እስቃለሁ።» ጉልበቱን እንደመያዝ አለና ቆመ። «ሰው ስለኔ ሲያወራው እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«እርስዎን ስታይ ትታው ነበር እኮ» አልኩት።

«አየሁ። ጨዋ ልጅ ናት።» ትንሽ ሄድ ካለ በኋላ፣ «አንቺስ ጉዳዩን ቀድመሽ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንዴ እንኳ «ለምን አላየሽኝም?» አላለኝም።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ገበያው ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። ጆንያ ላይ አስቀምጧት ሻይ እንዳዘዘላት፣ «ይህን ያህል ሰው ፊት መቆምሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» እንዳላት ነገረችኝ። እኔና እሷ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሯችን አልሆንንም። ያጠፋችብኝ ነገር ኖሮ አይደለም። እሷ እዚያ ቆማ ሽልማቷን ጥላለታለች፤ እኔ ልጁ ያላደረግሁለትን አደረገችለት። ባየኋት ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

መምህሩም ገበያው ድረስ መጣ። ዝናብ ላይ ነው፣ ኮቱ ርሶ። አባቴ ጆንያ ሲሰፋ እኔ ክር እያቀበልኩት ነበር።

«ሰውዬውን ልጅቷ የፈጠረችው መስሎኝ ነው» አለ። «አሳዪኝ ስላት ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምንም አይደል የኔ ልጅ» አለ አባቴ። «በክፋት አላደረግከውም።» መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ቦታ ለቀቀለት፤ ሁለቱም ስለ ዝናቡ አወሩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ መምህሩ ገጠመኝ በጻፍን ቁጥር ከማረሙ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ነበረው። «ይህ ሰው በሕይወት አለ? ፈቅዷል?» አንዳንዶቹ ይስቁበት ነበር። እኔ ገጠመኝ መጻፍ ትቼ ሁልጊዜ በጥያቄ እጀምር ነበር፤ ጥያቄዎቼም ጥሩ እንደሆኑ ይነግረኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ሲደርስ ገበያ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። መርፌውን ሳያቆም «ገበያ አለኝ፣ እናትሽ ትሂድ» አለኝ። እናቴ ትምህርት ቤት መጥታ አታውቅም ነበር። እሺ አልኩት። ከፊቱ ዞር ስል ትከሻዬ ቀለል አለኝ፤ ቀለል እንዳለኝ ያወቅሁት ደግሞ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ተመልሼ «አይሆንም፣ እርስዎ ይምጡ» ልለው አሰብኩ። ቆምኩ፣ ሰው እየገፋኝ ገበያው መሐል ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ።