ከማርያም እስከ ማርያም

አንኮበር ውስጥ የእናናየሁን ቅባት የማያውቅ አልነበረም። የኑግ ዘይትና የታጠበ ሰም ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ሰሙን ለዘብ ባለ እሳት አቅልጣ፣ ዘይቱን አፍስሳ፣ እስኪረጋ ታማስለዋለች። ቅቤ ስለሌለበት በጾም የካህናት ሚስቶችም አይሸሹትም። የደጋው ብርድ የሰነጠቀው እጅ፣ ችፌ የያዘው ክንድ፣ የሕፃን ጉንጭ፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ቀንድ ሙሉ ቅባት ገዝቶ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ዓርብ ዓርብ አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ስትቀመጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሁሉ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቅምሻ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጣለች። «መጀመሪያ ክንድሽ እጥፋት ላይ አድርጊው። ካላሳከከሽ ከታመመው ቦታ ጥቂት ቀቢ። ሌላ ነገር አትደርቢበት፤ ከደረብሽ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ በምን ታውቂያለሽ? ከማርያም እስከ ማርያም ጠብቂና ያን ጊዜ ፍረጂ።» ከወር በዓል እስከ ወር በዓል ማለቷ ነው። ችኩሎቹ ይስቁባታል። አንዷማ «እስከዚያ እኮ አረጅልሻለሁ!» ብላት ነበር። እናናየሁም «አርጂ፣ ቆዳሽ ግን ይቆይሻል» አለቻት።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ አመተ ማርያም። ልጅቱ ለመምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ ለዲያቆን ዘርአ ዳዊት ታጭታለች። ዲያቆን ከመቀሰሱ በፊት አንዴ ነው የሚያገባው፤ ስለዚህ የካህን ቤት ሙሽራን ሲመርጥ ዘር ይቆጥራል፣ ጠባይ ይጠይቃል፣ ገላ ያያል። በጥምቀት ማግስት የልጁ ወገኖች ሊያይዋት፣ ከዚያም የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ነበር።

በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ችፌ የልጅቱን ሁለት ክንዶችና የግራ መንጋጋዋን ያዘ። ቀላ፣ ተፈረፈረ፣ ያሳክካታል። ሞት የሚያህል ነገር አልነበረም። ግን በዚያ አገር ፊት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው በአንድ ስም ነው፤ ቁምጥና።

እናናየሁ ለልጇም ሕጓን አላፈረሰችም። በኅዳር ጽዮን ማርያም የግራ ክንዷን በራሷ ቅባት ጀመረችላት። ፊቷን ገና አልነካችም።

ሳምንት ሳይሞላ የዲያቆኑ እናት ወይዘሮ በሰለች አንድ ቀንድ ይዘው መጡ። ውስጡ እንደ እርጎ የነጣ ቅባት ነበር።

«ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ አልዩ አምባ ካለ ነጋዴ ነው ያገኘሁት» አሉ። «የአደሬ ሴቶች ፊት የሚያበራው በዚህ ነው አሉ። ምራቴ በኑግ ስትለቀለቅ ዝም ብዬ ልይ?»

«እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ» አለች እናናየሁ። ምን ትበል? የአማት ስጦታ አይመለስ። ባቄላ ታህል ቆንጥራ በልጇ ቀኝ ክንድ ላይ ብቻ ቀባች። ግራው የሷ፣ ቀኙ የእንግዳው። ቀንዱን ሰቀለችው።

እንግዳው ቅባት ፈጣን ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ የቀኙ ክንድ ቅላቱ ጠፋ፤ እንዲያውም ከቀድሞው ነጥቶ ለሰለሰ። ግራው ግን ማሳከኩን ተወት ከማድረጉ በቀር እንደቀላ ነው።

«እምዬ፣ እይው እንጂ!» አለች አመተ ማርያም ሁለቱን ክንዶቿን ጎን ለጎን ዘርግታ።

«አይቻለሁ። ገና ነው። ማርያም ትምጣ።»

«ማርያም ስትመጣ ጥምቀት አይደርስም?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

በበዓታ ማግስት ወይዘሮ በሰለች ተመልሰው መጡ። የልጅቱን ነጠላ በጣታቸው ገለጥ አድርገው መንጋጋዋን አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ቅባቴን ንቀሽው ነው?»

«ኧረ በፍጹም እሜቴ፤ በክንዷ እየሞከርኩት ነው።»

«ትሞክሪዋለሽ! እኔ መርዝ የማመጣ ነኝ? በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን እየተባለ እንደሆነ ብትሰሚ እንቅልፍ አይወስድሽም። ‹የቅባቷ ሴትዮ ልጅ ቆማጣ ናት› ነው የሚሉት። መምሬም ሰምተዋል።»

ከሄዱ በኋላ አመተ ማርያም አላለቀሰችም። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እናቷን ብቻ አየቻት። እናናየሁ ለገበያ ሁሉ ስትከለክል የኖረችውን፣ ለብዙ ሴት «ቆይ» ያለችውን፣ ለአንዲት ልጇ ማለት አቃታት። ቀንዱን አውርዳ በገዛ ጣቷ መንጋጋዋን፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን ቀባቻት።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ልጅቱ ፊቷ ጠርቶ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ወይዘሮ በሰለች በኩራት «የእኔ ቅባት ነው» አሉ። እናናየሁም ፈገግ አለች። በዚያ ሰሞን ልጅቱ አንድ ሁለቴ «እምዬ፣ አፌን ናስ ናስ ይለኛል» ብላ ነበር። ጾሙ ነው ብለው ተዉት።

የታኅሣሥ ማርያም ዕለት እናናየሁ የልጇን ክንዶች ወደ ብርሃን አውጥታ አየች። ግራው ጠግጓል፤ ችፌው የት እንደነበረ እንኳ በመዳሰስ አይገኝም። ቀኙ በእጥፋቱ ዙሪያ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ፣ መካከሉ ውኃ ቋጥሯል።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ትናንት ነው መሰለኝ። ያሳክከኛል።»

እናናየሁ የአፏ የናስ ጣዕምም ከቅባቱ እንደነበር አሁን ገባት፤ ቀንዱን ይዛ ወጥታ ገደል ጨመረችው። የልጇን ፊት በለብታ ውኃ ደጋግማ አጠበችው። ግን ክንዱ ቀድሞ የተናገረውን ፊቱ ተከተለው፤ የገና በዓል ሳያልፍ ጉንጯ አሳከካት፣ ጠቆረ፣ ፈነዳ።

ወይዘሮ በሰለች በጥምቀት ማግስት ከአንዲት አክስት ጋር መጡ። ነጠላው ሲገለጥ አክስትየዋ አማተበች።

እናናየሁ የልጇን ሁለት እጆች ይዛ ዘረጋች። «እሜቴ፣ ይፍረዱ። ይህ የእኔ ነው፣ ይህ የርስዎ። ያው አንድ ገላ ነው፤ ያው አንድ ችፌ ነበር። ቁምጥና ቢሆን ግራው ይድን ነበር?»

ወይዘሮ በሰለች ግራውንም ቀኙንም አዩ። ደህና አድርገው አዩ። ገብቷቸዋል፤ እናናየሁ ከዓይናቸው አነበበችው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

«አይ እታለም፣ ካህን የሚያገባው ክንድ አይደለም።»

የአመተ ማርያም የፊቷ ቁስል በእናቷ ቅባት ቀስ እያለ፣ ከማርያም እስከ ማርያም እየተቆጠረ፣ ለፋሲካ ደረቀ። ከመንጋጋዋ እስከ ዓይኗ ሥር ግን ጥቁረቱ እንዳለ ቀረ። ዘርአ ዳዊት በዚያው ሰሞን ከጣርማ በር ወገን አገባ። አመተ ማርያምን የጠየቀ ሌላ ሰው አልመጣም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ እናትና ልጅ አልዩ አምባ ገበያ ተቀምጠው ሳሉ፣ ወይዘሮ በሰለች በሰዉ መካከል መጡ። ልጅቱን ለማየት አልደፈሩም።

«ለምራቴ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወለደች ወዲህ እጇ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀንድ ስጪኝ።»

እናናየሁ ወደ ልጇ ዞረች። ያኔ አመተ ማርያም የኮባ ቅጠል ቀድዳ፣ ከገበታው ላይ ቅባት ባቄላ የምታህል ቆንጥራ ጠቀለለችና ዘረጋችላቸው።

«መጀመሪያ ክንዷ እጥፋት ላይ ታድርገው» አለች። «ሌላ አትደርብበት። ከማርያም እስከ ማርያም ትጠብቅ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ፣ ሙሉውን ብትሰጪኝ...»

«ሳይሞከር ለማንም አንሰጥም፣ እሜቴ። እሷም የሰው ልጅ ናት።»

ወይዘሮ በሰለች ቅጠሏን በመዳፋቸው ጨብጠው ሄዱ። አመተ ማርያም ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ሳበችና ለቀጣዩ ሰው ኮባ ቀደደች።