የባለጥላው ድርሻ

ብሎኬት ማምረቻው ግቢ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በሙሉ "ባለጥላው" ነው የሚሉት። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ በተደረደረው ብሎኬት መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አንዱን በጥፍሩ ፋቅ፣ ሌላውን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርግና "ውሃ ይጨመርለት!" ብሎ ያልፋል። ውሃው ከተጨመረለት ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ ግን ማንም ምንም አይለውም። ታናሽ ወንድሙን ደግሞ "ሲሚንቶ" ይሉታል። ከጠዋት እስከ ማታ ማሽኑ ሥር ስለሚውል ቅንድቡ ሳይቀር ግራጫ ነው። አንድ ቀን ታጥቦ ቢመጣ አዲስ ደንበኛ መስሏቸው "ስንት ብሎኬት ፈልገው ነው?" ብለውታል።

በወንድማማቾቹ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት አሥራ አራት ወር ብቻ ነው። ባለጥላው ግን እነዚያን አሥራ አራት ወራት እንደ ርስት ይዞ ሲያርሳቸው ኖሯል። ልጅ ሳሉ ዳቦ ሲቆረስ ትልቁ ቁራሽ የእሱ ነው። ለምን ሲባል ደረቱን ነፍቶ "ታላቅ ነኛ!" ይላል፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። ከምንጭ ውሃ ሲያመጡ ባልዲውን በአንድ እንጨት አንጠልጥለው ለሁለት ይሸከሙታል፤ አባታቸው ከኋላ ሆኖ "አንተ ታላቅ ነህ፣ ባልዲውን ወደ ራስህ ሳብ አድርገው" ይለዋል። እሱም ሳያጉረመርም ይስባል፤ ትከሻው እየተላጠ ቤት ይደርሳል። ሲያድግ ግን የሚያወራው ስለ ዳቦው ብቻ ነበር።

ግቢውን ሲከፍቱ ውላቸውን የጻፈችላቸው የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ከፋርማሲው በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ የምትሠራ ሴት። ባለጥላው ስድስት መቶ ሺህ፣ ሲሚንቶ ሁለት መቶ ሺህ አዋጡ። በየዓመቱ ከትርፉ ላይ ለእያንዳንዱ ላዋጣው ካፒታል አሥር በመቶ ወለድ ይታሰብለታል ተባለ። ማሽኑን ይዞ ለሚውለው ለሲሚንቶ በወር አሥር ሺህ፣ ደንበኛ ለሚያፈላልገው ለባለጥላው በወር ሁለት ሺህ ደመወዝ ተቆረጠ። ሲሚንቶ ሌላ ገቢ ስለሌለው የራሱን በየወሩ ይወስዳል። ባለጥላው ግን የሚያከራያቸው ሁለት ክፍሎች ስላሉት የእሱ ይጠራቀም አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው እኩል ይካፈል ሲባል ግን አሻፈረኝ አለ።

"ሦስት ለሁለት!" አለ ጠረጴዛውን እየመታ። "ከአምስት ሦስቱ የእኔ ነው።"

"በምን ምክንያት ልበል?" አለች የሒሳብ ባለሙያዋ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

"ታላቅ ነኛ!"

ሲሚንቶ ሳቀና "ጻፊለት፣ እህቴ" አላት። እሷም እየጻፈች "ደመወዝና ወለድ ከታሰበ በኋላ ትርፉ ባይበቃና ቢጎድልስ? ጉድለቱም በዚሁ ይከፈል?" ስትል ጠየቀች። ባለጥላው በጣም ተቀየመ። "እኔ ባለሁበት ጉድለት የሚባል ነገር የለም። የፈለግሽውን ጻፊ" አላት። የፈለገችውን ጻፈች።

የመጀመሪያው ዓመት እንደ ጉድ አተረፉ፤ አምስት መቶ ሃያ አራት ሺህ። ለታናሽየው መቶ ሃያ ሺህ ደመወዝና ሃያ ሺህ ወለድ፣ ለታላቅየው ሃያ አራት ሺህ ደመወዝና ስድሳ ሺህ ወለድ ተነሣ። ከተረፈው ሦስት መቶ ሺህ ለባለጥላው መቶ ሰማንያ፣ ለሲሚንቶ መቶ ሃያ ደረሳቸው። በድምሩ ባለጥላው ሁለት መቶ ስድሳ አራት፣ ሲሚንቶ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ አገኙ። በአራት ሺህ በልጦታል! ባለጥላው ያንን አራት ሺህ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት ሲሚንቶ፣ ሰውየው ሳይሆን ዕቃው፣ ለሦስት ወር ከገበያ ጠፋ። ማሽኑ ዝም አለ። ያም ሆኖ ዓመቱ ሲያልቅ የሒሳብ ባለሙያዋ ደውላ "መቶ ሰባ አራት ሺህ አትርፋችኋል፣ ለክፍፍሉ ኑ" አለች። ባለጥላው ስልኩን ዘጋና በጃንጥላው ጫፍ አቧራ ላይ አሰላ። ከአምስት ሦስት እጅ፣ መቶ አራት ሺህ ከአራት መቶ። በዚያው ቀን የቤት ዕቃ መሸጫ ገባና ሚስቱ ዓይኗን የጣለችበትን ሶፋ አዘዘ። ባለሦስት መቀመጫው ስድሳ ሺህ፣ ባለሁለቱ አርባ ሺህ ነው። ሃያ ሺህ ቀብድ ከኪሱ ከፈለ። ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፤ አሮጌውንም ወንበር ለአንዲት ዘመዷ ሰጠችው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ የእሱ ላም ግን ጭራሽ ቀብድ ተከፍሎባታል።

በክፍፍሉ ቀን ሲሚንቶ ከነግራጫ ቅንድቡ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ባለጥላው ጃንጥላውን አጥፎ መሀል ወንበር ያዘ።

"መቶ አራት ሺህ ከአራት መቶ" አለ ሳይጠየቅ። "እኔ አስልቼዋለሁ፣ አትድከሚ።"

"ጋሼ፣ ሲሰላ እኮ ከታች አይጀመርም" አለች ሴትዮዋ ወረቀቱን እያዞረችለት። "ይህ መቶ ሰባ አራት ሺህ የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የመብራትና የቀን ሠራተኛ ወጪ ተቀንሶ የቀረ ነው። የሁለታችሁ ደመወዝና ወለድ ገና አልተነሣለትም። የእርስዎ ሰማንያ አራት ሺህ፣ የወንድምዎ መቶ አርባ ሺህ፤ ድምሩ ሁለት መቶ ሃያ አራት ሺህ ነው።"

"ያለው መቶ ሰባ አራት አይደል እንዴ?"

"አዎ። ሃምሳ ሺህ ይጎድላል።"

"ይጉደላ! ምን ቀረና ነው የምንካፈለው?"

"ጉድለቱን" አለች። "ሦስት ለሁለት። ከእርስዎ ሠላሳ ሺህ፣ ከወንድምዎ ሃያ ሺህ ይነሣል። የእርስዎ ድርሻ ሃምሳ አራት ሺህ፣ የወንድምዎ መቶ ሃያ ሺህ ሆነ ማለት ነው።"

ባለጥላው ዓይኑ ፈጠጠ። ሶፋው ከነትራሱ በፊቱ አለፈ። "ቆይ፣ ቆይ! ሦስት ለሁለት ያልኩት ለትርፉ ነው! ለጉድለቱማ እኩል ነን፣ ወንድማማች አይደለን?" ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ውሉን አነበበችለት፦ "የሚቀረው ትርፍም ሆነ ጉድለት ሦስት ለሁለት ይከፋፈላል።" ከሥሩ ፊርማው አለ፤ የእሱ ፊርማ ደግሞ ከሌሎቹ በእጥፍ ይተልቃል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ባለጥላው ቁናውን ራሱ ነበር መርጦ ያስገዛው።

"እንግዲያው ደመወዙም ወለዱም ይቅር!" አለ እየተነሣ። "ትርፉን እንዳለ ሦስት ለሁለት እንካፈለው!"

"ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ይቻላል" አለች ሴትዮዋ፤ ካልኩሌተሯን ሳበችና ነካካችው። "ያኔ የእርስዎ መቶ አራት ሺህ ከአራት መቶ፣ የወንድምዎ ስድሳ ዘጠኝ ሺህ ከስድስት መቶ ይሆናል። እሱ ግን በየወሩ ሲወስድ ዓመቱን መቶ ሃያ ሺህ ወስዷል። ስለዚህ ሃምሳ ሺህ ከአራት መቶ ይመልሳል።" ወደ ጥጉ ዞረች። "መቼ ያመጣሉ?"

ከታች ከፋርማሲው የበሩ ደወል ተሰማ። ሲሚንቶ እጁን ሱሪው ላይ አበሰና ባለጥላውን ሳይሆን ወለሉን እያየ "ለጋሼ ከሆነ እሺ" አለ። "በአንዴ አልችልም እንጂ በየወሩ ይቆረጥብኝ። አራት አራት ሺህ ቢሆን ከቤት ኪራይ በሚተርፈው እንደምንም እንኖራለን።"

ቀልድ ቢሆን ደግ ነበር። ሲሚንቶ ግን መቀለድ አያውቅም። ባለጥላው ቆሞ ቀረ። አሁን ነው የገባው፤ እሱ ሃምሳ አራት ሺህ አነሰኝ ብሎ ሲጮህ፣ ወንድሙ ድርሻውን በየወሩ በልቶ ጨርሶ ዛሬ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ያንን መቶ ሃያ ሺህ የተቀበለው ደግሞ ማሽን ሥር ቆሞ ነው፤ ሌላ ሰው ቢቀጥሩም መጀመሪያ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ሰው ነበር። አፈረ። ባለጥላው ማፈር ስለማያውቅበት ጆሮው ብቻ ቀላ፤ እጁም ሳያስበው ወደ ቀኝ ትከሻው ሄደ፣ ድሮ እንጨቱ ወደሚልጠው ቦታ።

"ተወው" አለ። "እንደ ውሉ ይሁን።"

"ጋሼ፣ ቢያንስ ጉድለቱን እኩል እናድርገው። አምስት ሺህ ከእኔ ይጨመር..."

"ዝም በል! አምና ትርፉን ሦስት እጅ ስወስድ እኩል እናድርገው ብዬህ ነበር? ወዲህ በይው፣ እህቴ፣ ልፈርም።" ፈረመ፤ ዘንድሮ ፊርማው ትንሽ አጠር አለ። ከሃምሳ አራቱ ላይም ሠላሳ ሺህ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ተወ። "ለሲሚንቶ መግዣ ይሁን። ዳግም ከገበያ ቢጠፋ መጋዘን ውስጥ ይኑረን፤ የዚህ ሰውዬ ማሽን እንዳይቆም።"

"ካፒታልዎ ስድስት መቶ ሠላሳ ሺህ ይሆናል ማለት ነው" አለች እየመዘገበች። "የሚመጣው ዓመት ወለድዎ ስድሳ ሦስት ሺህ ነው።"

"እኔ ወለድ መች ጠየቅኩ?" አለና በኩራት ወጣ። የደረጃውን ግማሽ ወርዶ ተመልሶ መጣና ራሱን በበሩ አስገባ። "ግን ትጽፊዋለሽ፣ አይደል?"

እጁ ላይ ሃያ አራት ሺህ ቀረ። ሶፋ መሸጫው ሄዶ ተለማምጦ ባለሦስቱን አስቀረና ባለሁለቱን ብቻ ወሰደ፤ በቀብዱ ላይ ሃያ ሺህ ጨመረና አራት ሺህ ተረፈው። ሚስቱ በር ላይ ጠብቃ ሶፋውን ያመጣውን ጋሪ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። "ትልቁስ? ትልቁ የት አለ?" ለጎረቤት ያወራችው እኮ ስለ ትልቁ ነበር። እሱም ነገሩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳት። ሰምታ ስትጨርስ "ወይ አንተ! በገዛ አፍህ!" አለችና እየሳቀች ሄዳ ትራሱን አስተካከለች።

እሑድ ሲሚንቶ ሶፋውን ሊያይ መጣ። ታጥቦ ስለነበር ሚስትየው ለአፍታ አላወቀችውም። ሦስት ሰው፣ ሁለት መቀመጫ። ሚስት ተቀመጠች። ሲሚንቶ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ባለጥላው ክንዱን ይዞ ሶፋው ላይ ጫነውና ከጓዳ በርጩማ ጎትቶ መጣ።

"ኧረ ጋሼ፣ አይሆንም! አንተ በርጩማ ላይ? ለምን?"

ባለጥላው በርጩማው ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ደረቱን ነፋ።

"ታላቅ ነኛ!"