ሃያ ሁለት ማኅተም

ጵርስቅላ ማሽን አትፈራም። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ክዳኑ አልከፈት ብሎ ሲያፏጭ፣ ነርሶቹ ወደ በሩ ሲሸሹ፣ እሷ ጆሮዋን አስጠግታ «ዝም በል አንተ፣ መጣሁልህ!» የምትል ሴት ናት። የምትፈራው ሰው ነው። ሰው ሁሉ ግን አይደለም፤ አንድ ነገር የምትጠይቀውን ሰው ብቻ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? የእሷን እሳት እፍ የሚልበት እንኳ አልነበረም፤ በራሱ ጊዜ ይነድ ነበር።

አስራ ሰባት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሆና ሠራች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወሰን ነው፣ ላምበረት ነው፣ ኮተቤ ነው፣ የጠራት ትንሽ ክሊኒክ ሁሉ ጋ ትሄዳለች። «ስንት ልክፈልሽ?» ሲሏት «የታክሲ ይበቃኛል» ትላለች። በዚህ ጠባይዋ የተነሳ የየካ ክሊኒክ ግማሹ ስልኩ ላይ «ጵርስቅላ ማሽን» ብሎ መዝግቧታል። አባቷን ማን እንደሚባል የሚያውቅ የለም!

በ2008 መስከረም ሥራዋን ለቀቀች። ከጉደታ ጋር፣ የራጅ ማሽን ከሚያውቀው ከታናሽ ባልደረባዋ ጋር፣ መገናኛ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ያዙ። ከመስኮቱ ሥር ባቡሩ ያልፋል፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ እንጦጦ ይታያል። ሐሳቧ ግሩም ነበር። ክሊኒኮች ጠጋኝ የሚጠሩት ማሽኑ ከሞተ በኋላ ነው፤ እስኪነሳ በሽተኛ ይመለሳል። እነሱ ግን በዓመት ውል በየሦስት ወሩ እየሄዱ፣ ሳይሞት ሊያዩት።

«አለቃ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው» አላት ጉደታ። «ግን ሴልስ የለንም።»

«እኔም ሴልስ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ሊሸጠው ነው? ባቡሩ?»

ሳቁ። ጥር ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። አንድም ውል የለም። ጉደታን አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት ና ብሎታል፤ ሚስቱ ታደለች ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ጠዋት ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ነገራት።

«እስከ ፋሲካ ሦስት ክሊኒክ ከፈረመ የትም አልሄድም። ካልፈረመ ግን... አለቃ፣ አትቀየሚኝ።»

«ካልፈረመማ እኔስ ምን ይዤ እቀመጣለሁ? እዘጋዋለሁ።»

ራጅ የማይነካ የጥገና ድርጅት ግማሽ ድርጅት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ሦስት ፊርማ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ጵርስቅላ እንግዲህ የምታውቀውን አደረገች። ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅ ባትችል ደብዳቤ መጻፍ ትችላለች፤ አስራ ሰባት ዓመት መንግሥት ቤት የኖረ ሰው ደብዳቤ ያጣል? ባለ አርማ ወረቀት አሳተመች። ቁጥር፣ ቀን። «ጉዳዩ፡- የሕክምና መሣሪያ ጥገና አገልግሎት ስለማስተዋወቅ።» «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...» ከታች «ከሠላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክቡ ሐምራዊ ማኅተም። ግልባጭ እንኳ አልቀረም፦ «ለፋይል»። ሃያ ሁለት ፍሬ። ሁሉም ቃል በቃል አንድ፤ የተለየው የተቀባዩ ስም ብቻ ነው።

ተቀባዮቹ እነማን ናቸው? አብረዋት ሽሮ የበሉ፣ ልጃቸውን ሲድሩ ያጀበቻቸው፣ በአንድ ስልክ ከአልጋዋ ያስነሷት ሰዎች!

ራሷ በሚኒባስ እየዞረች ለየእንግዳ መቀበያው አስረከበች፤ ለእያንዳንዱም በደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተሯ ላይ አስፈረመች። ወዳጆቿ ውስጥ እያሉ እሷ ከበር ተመለሰች። ደብተሩን ለጉደታ ስታሳየው ፊቷ በርቶ ነበር።

«አየህ? ሃያ ሁለቱም ተቀብለዋል።»

ጉደታ ደብተሩን አገላበጠ። «ዘበኞቹ ናቸው እንዴ የፈረሙት?»

የካቲት አለፈ። አንድም ሰው አልደወለም። እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው የማይሆነውን ያስባል። «ጠልተውኝ ኖሯል» ትል ጀመር። የታክሲ ብቻ እየተቀበለች የሠራችው ሁሉ ለካ ንቀት አትርፎላት ኖሯል። እሑድ ቸርች ስትሄድ ከኋላ ተቀምጣ ሰው ሳያያት ትወጣለች። ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ስልኩን ነው፤ ከዚያ መስኮቱን፤ ከዚያ የጉደታን ጀርባ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንዷ ደወለች። ሲስተር አገርነሽ፣ ወሰን ያለ ክሊኒክ የነርሶች ኃላፊ፣ የጵርስቅላ የሃያ ዓመት ወዳጅ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«አንቺ! ምን አድርጌሽ ነው?»

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ማኅተም ያለው ደብዳቤ ትልኪብኛለሽ? ‹ለሲስተር አገርነሽ፣ ባሉበት›! ክስ መስሎኝ ነበር እኮ! ከፍቼ ሳየው አንቺ ነሽ። ለዘበኛ ሰጥታ ከበር የምትመለሰው ምን ብቀያየማት ነው ብዬ ይኸው ወር ሙሉ አኩርፌሻለሁ።»

«ሥራ ነው ብዬ... በወግ ይሁን ብዬ...»

«ምን ወግ አለው! እኔ አውቶክሌቩ ሲቆምብኝ ‹ጉዳዩ› ብዬ ጽፌልሽ አውቃለሁ? ‹ጵርሴ ድረሽልኝ› ነው የምልሽ። አንቺም እንደዚያ ማለት ነበረብሽ። ሞኝ!» ከዚያ ድምጿ ለስለስ አለ። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትፈልጊው? ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ አልገባኝም።»

በስልክ በሁለት ደቂቃ ነገረቻት። አገርነሽ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ይሄንኑ ጻፊላቸው፤ ለእያንዳንዱ፣ በስልክሽ፣ እንደምታወሪው» አለቻት። የራሷ ክሊኒክ ባለቤቶቹ ሊሸጡት ስለሆነ ውል እንደማይፈርም ግን አልደበቀቻትም።

ጵርስቅላ ወሰን ሌላ ክሊኒክ ለሚሠሩት ለዶክተር ይድነቃቸው መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ጽሑፏ የጤና፣ የቤተሰብ፣ የእግዚአብሔር ይመስገን ሰላምታ ብቻ አራት ሜሴጅ ሞላ። መጨረሻው «ለአንድ ጉዳይ ፈልጌዎት ነበር፣ በአካል እነግርዎታለሁ» ይላል። ጉደታ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ ጮኸ።

«አለቃ! ይሄ እኮ መርዶ ነው! ሰውዬው ማን ሞተብኝ ብሎ ጥቁር ለብሶ ይመጣል!»

«እንዲሁ ዘልዬ ልጠይቃቸው ታዲያ?»

«እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ነገር አስታውሺያቸው። ከዚያ የምትፈልጊውን በይ። ከዚያ አቁሚ።»

አጠፋች፤ ጻፈች፤ አጠፋች። በመጨረሻ የወጣው ይኸው፦

«ዶክተር፣ ጵርስቅላ ማሽን ነኝ። ያቺ ደም ስታሽከረክር ጠረጴዛው ላይ የምትራመደው ሴንትሪፉጅ አሁንስ አደብ ገዛች? ከሆስፒታል ወጥቼ ከጉደታ ጋር የጥገና ድርጅት ጀምሬያለሁ። ማሽን ሳይቆም በየሦስት ወሩ እየመጣን ልናይ ነው። ለእናንተ ይጠቅም እንደሆነ ከእርስዎ መስማት ፈለግሁ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሃያ ደቂቃ ይሰጡኛል? የማይሆን ከሆነ አይሆንም ይበሉኝ፤ አልቀየምም።»

ላከችው። ለሌሎቹም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ጻፈች፤ ላምበረት ክሊኒክ ላላቸው ለአቶ ሰቦቃ የራጅ ክፍሉን በር የሰበሩበትን ቀን፣ ለሌላዋ ፍሪጇ ውስጥ ከመድኃኒት ጋር ያገኘችውን የልደት ኬክ። አንዱንም ለሌላው አልገለበጠችውም። በቀን ሦስት አራት ብቻ ትልካለች፤ ማን እንደመለሰና ምን እንዳለ በዚያው በማስረከቢያ ደብተር ጀርባ ትጽፋለች።

መልሱ ጎረፈ! አልጠሏትም ነበር! «ጵርሴ የት ጠፋሽ?» «ሆስፒታሉን ለቀሽ እንዴ?» ማኅተም ያለውን ወረቀት ከእሷ ጋር ያገናኘው ጥቂት ሰው ነው። የዶክተር ይድነቃቸው መልስ በሰዓት ውስጥ ደረሰ፦ «አንቺ እንዳስተማርሽን ከደሙ ፊት ለፊት ሚዛን የሚጠብቅ ውኃ ያለበት ቲዩብ ካላስቀመጥን ዛሬም ትራመዳለች። ማክሰኞ ነይ።»

ማክሰኞ ሄደች። ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ከዚያ ግን ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ምነው ልጄ፣ ያኔ በሩን ገፋ አድርገሽ ብትገቢ ኖሮ?»

«ምን ሆነ፣ ዶክተር?»

አንድ ፋይል አወጡ። የራሷ ደብዳቤ ነው። የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለግዢ ክፍል» ተብሎ ተመርቶበታል። «ማኅተም ያለው ነገር እኔ ጋ አይመጣም። ሥራ አስኪያጃችን ሐሳቡን ወደደው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። አንቺን የሦስት ዓመት የልምድ ማስረጃ ስላላገኘብሽ አላስገባሽም።»

«የአስራ ሰባት ዓመት አለኝ እኮ!»

«አንቺ አለሽ። ድርጅትሽ ግን ስድስት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ፈረምን፤ የዓመት።»

ለማን እንደፈረሙ ነገሯት። ጉደታን ና ያለው አስመጪ ነበር።

እንዲያው ምን ይባላል? ሐሳቧን ራሷ በሃያ ሁለት ማኅተም አትማ ላከችው፤ ሌላ ሰው ለቀመው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሦስት ክሊኒኮች ተመሳሳይ ነገር ነገሯት፤ «ያ ሐሳብ ያንቺ ነበር እንዴ?» የቀሩት አንዳንዶቹ በጀት የለንም አሉ፤ አንዳንዶቹ ለሐምሌ ቀጠሯት። አቶ ሰቦቃ ብቻ ቁጭ አድርገው ሰሙና ፈረሙ። «በሩን ሰብሬ ለማንም ያልተናገርሽብኝ አንቺ ነሽ» አሏት። አንድ ፊርማ።

የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ጉደታ መሣሪያዎቹን በሁለት ከፈለ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ለእሷ ተወላት።

«የዶክተር ይድነቃቸውን ክሊኒክ የምይዘው እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ አቀርቅሮ።

«ቲዩቡን አትርሳ» አለችው። «ከፊት ለፊት። ውኃ።»

«አለቃ...»

«ሂድ እንጂ! ታደለች ትጠብቅሃለች።»

ሄደ። ለአቶ ሰቦቃ ደውላ የራጁን የሚይዝ ሰው እንደሌላት፣ ውሉን ማፍረስ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። «አዝናለሁ ልጄ» አሉ። አፈረሱ።

የቀረላት አንድ ሰው ነበር፤ የድሮ አለቃዋ አቶ ወልደሰንበት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የጥገና ክፍል ኃላፊ። አሁን መጻፉን ተክናዋለች፤ አንድም ፊደል አላጠፋችም። «ጋሼ፣ ጵርስቅላ ነኝ። ምድር ቤት ያለው ያ ኮምፕረሰር ዛሬም በእርግጫ ካልሆነ አይነሳም? ድርጅቴን ዘግቻለሁ። ተመልሼ ብሠራ ደስ ይለኛል። ቦታ ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለም ይግባኛል።» ከጻፈቻቸው ሁሉ ያማረው ይህ ነበር።

መልሱ ቶሎ መጣ። «እንደምን አለሽ። በእርግጫም አይነሳም። ጉዳዩን በማመልከቻ ለሰው ኃይል አቅርቢ፤ መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥሩን ያዢ።»

ባለ አርማው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። የተዘጋ ድርጅት ወረቀት ግን ለማመልከቻ አይሆንም። አምስት ፎቅ ወርዳ መገናኛ ከአንድ ሱቅ ያልተጻፈበት ወረቀት ገዛችና ተመለሰች። መስኮቱ ሥር ባቡሩ አለፈ። እስክሪብቶዋን አነሣች፤ «ጉዳዩ፡-» ብላ ጻፈች፤ ከሁለቱ ነጥብ በኋላ ግን እጇ አልሄደም።